የደም ጋዝ ወረቀት አነባበብ፦ ለሜዲካል ዋርድ ኢንተርኖች የጥናት መምሪያ

ይህን የጻፍኩት ከሰኞ ጀምሮ ባሕር ዳር ሜዲካል ዋርድ ለምትገቡ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ዲዩቲ ክፍል ውስጥ፣ እንቅልፍ እያዳፋችሁ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ሲወድቅ እንዲያገለግላችሁ አስቡት። ካልኩሌተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በልባችሁ አታስሉ፤ እኔ ሳላሰላ በዓይኔ ብቻ አይቼ ምን እንደደረሰብኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከወረቀቱ በፊት ናሙናው

ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ PaCO2 ዝቅ ይላል፣ PaO2 ደግሞ ወደ ክፍሉ አየር ይጠጋል። ስለዚህ እንደቀዳችሁ አረፋውን አስወጡ፣ ክደኑ፣ ቀስ ብላችሁ አገላብጡ። ፈሳሽ ሄፓሪን የምትጠቀሙ ከሆነ የሲሪንጁን ግድግዳ ካረጠበ በኋላ የተረፈውን ግፉት፤ ከበዛ ደሙን ያቀጥነዋል፣ PaCO2ን እና HCO3ን በሐሰት ያወርዳል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። የደም ሴሎቹ ሲሪንጅ ውስጥም ኦክስጅን ይበላሉ፣ አሲድም ያመርታሉ። የተወጋውን ቦታ ቢያንስ 5 ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ለአስታማሚ ሰጥቶ መሄድ አይሆንም።

ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው ከሆነ ስንት ሊትር በምን እንደሚያገኝ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ምን ያህል እንደምታሳስት ግን ከታች ታያላችሁ።

አንደኛ፦ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይስማማሉ?

```
H+ = 24 × PaCO2 / HCO3
```

ውጤቱን ከ pH ጋር አስተያዩ። pH 7.40 ሲሆን H+ 40 ነው፤ 7.30 ሲሆን 50፤ 7.20 ሲሆን 63፤ 7.10 ሲሆን 79፤ 7.00 ሲሆን 100። ወደ ላይ ደግሞ 7.50 ማለት 32 ነው። ስሌቱ ከዚህ በጣም ከራቀ ወይ ተሳስቶ ተገልብጧል፣ ወይ HCO3 የመጣው ሌላ ሰዓት ከተቀዳ ደም ነው። ያልተስማማ ወረቀት ላይ ደክማችሁ በሽታ አትፈልጉ፤ ድገሙት።

ሁለተኛ፦ pH ወዴት አዘነበለ? የገፋውስ ማነው?

መደበኛው pH ከ7.35 እስከ 7.45፣ PaCO2 ከ35 እስከ 45፣ HCO3 ከ22 እስከ 26 ነው። pH ወርዶ HCO3 ከወረደ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፤ pH ወርዶ PaCO2 ከወጣ ሬስፓይራቶሪ አሲዶሲስ። አልካሎሲስ የዚህ ግልባጭ ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ደርሶ ስለሚያቆም ነው።

ሦስተኛ፦ ማካካሻው ልኩን ጠብቋል?

ታንኳ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ቀዛፊው ወደ ሌላው ጎን ይደገፋል፤ ታንኳዋ በሌላው በኩል እስክትገለበጥ ግን አይደገፍም። ሳንባና ኩላሊትም እንደዚያው ናቸው። pHን ወደ መደበኛው ያስጠጉታል እንጂ አሳልፈው አይጥሉትም። አልፎ ከተገኘ ሌላ ሁለተኛ ችግር እየገፋው ነው።

ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ላይ የሚጠበቀው፦

```
PaCO2 = 1.5 × HCO3 + 8  (± 2)
```

የተለካው ከዚህ ከበለጠ ሬስፓይራቶሪ አሲዶሲስ ተደርቧል፤ ካነሰ ሬስፓይራቶሪ አልካሎሲስ ተደርቧል። ሜታቦሊክ አልካሎሲስ ላይ፦

```
PaCO2 = 0.7 × HCO3 + 20  (± 5)
```

ለምሳሌ የቆየ የዱዮዲነም ቁስል የጨጓራ መውጫውን ዘግቶበት ለሁለት ሳምንት የበላውን ሲያስመልስ የቆየ ሰው፦ pH 7.54፣ PaCO2 48፣ HCO3 40። የሚጠበቀው 0.7 × 40 + 20 = 48። ልክ ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልጉበት። ኖርማል ሳላይንና ፖታሲየም ነው የሚያስፈልገው። 48 መሆኑን አይቶ «ሳንባው ደከመ» የሚል ሰው ግን በየዓመቱ አይጠፋም።

ሳንባው ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን የምናየው HCO3ን ነው። መነሻው 24 ይሁን። PaCO2 በ10 በወጣ ቁጥር፣ ችግሩ የሰዓታት ከሆነ HCO3 በ1 ይወጣል፤ የቀናት ከሆነ በ3.5 ገደማ ይወጣል። PaCO2 በ10 በወረደ ቁጥር ደግሞ በሰዓታት 2፣ በቀናት 4 ገደማ ይወርዳል። ኩላሊት ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ለዚህ ነው ታሪክ ሳትጠይቁ እዚህ ደረጃ ላይ መወሰን የማትችሉት።

አራተኛ፦ አኒዮን ጋፕ፣ ሁልጊዜ

```
AG = Na - Cl - HCO3
```

መደበኛው ከ8 እስከ 12 ነው። «ሁልጊዜ» ያልኩት pH መደበኛ ቢሆንም ነው። አሁን ቅድም ቃል የገባሁትን ልናገር። ኢንተርን ሳለሁ ሲያስታውካቸው የሰነበተ የኩላሊት ሕመምተኛ ወረቀት መጣልኝ፦ pH 7.40፣ PaCO2 40፣ HCO3 24። ቻርቱ ላይ «መደበኛ» ብዬ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየሬ ኤሌክትሮላይቱን ብቻ ጠየቀኝ። Na 140፣ Cl 90። 140 - 90 - 24 = 26። ዩሪሚያው HCO3ን ወደ ታች፣ ትውከቱ ወደ ላይ እየጎተቱት መሃል ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ከባድ ችግር ተሸክሞ ንጹሕ የሚመስል ወረቀት ነበር እንግዲህ።

አኒዮን ጋፕ ከፍ ካለ ኬቶን፣ ላክቴት፣ የኩላሊት መድከም ወይም መርዝ አስቡ። በኛ ዋርድ ኢንሱሊን የተቋረጠበት ስኳር፣ ሴፕሲስና ከባድ ወባ ይቀድማሉ፤ ዓይኑ የደበዘዘበትና አረቄ የጠጣ ሰው ከመጣ ሜታኖልን አትርሱ። ጋፑ መደበኛ ሆኖ HCO3 ከወረደ ተቅማጥን ጠይቁ፤ ብዙ ኖርማል ሳላይንም እንዲሁ ያደርጋል፤ የኩላሊት ቱቦ አሲዶሲስ የሚመጣው ከነሱ በኋላ ነው።

አልቡሚንን ሳታዩ ግን ጋፑን አትመኑ። አልቡሚን ራሱ አኒዮን ስለሆነ ሲወርድ ጋፑን ይዞት ይወርዳል።

```
AG (corrected) = AG + 2.5 × (4 - albumin)
```

መተማ በኩል ለቀን ሥራ ወርዶ ካላዛር ይዞት የተመለሰ ወጣት እንውሰድ። ከስቷል፣ ተቅማጥ አለው፣ ትኩሳት አለው፣ ግፊቱ ወርዷል። pH 7.30፣ PaCO2 27፣ HCO3 13፣ Na 130፣ Cl 104፣ አልቡሚን 2.0። ጋፑ 13 ነው፤ «ከፍ አላለም፣ ተቅማጡ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሲስተካከል 18 ይሆናል። ላክቴት አለ፤ ሴፕሲሱን ማከም ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ ጋፑ ከፍ ካለ ከኋላው የተደበቀ አለ?

```
(AG - 12) / (24 - HCO3)
```

ከ1 እስከ 2 ከሆነ የጋፕ አሲዶሲሱ ብቻውን ነው። ከ1 ካነሰ ጋፕ የሌለው አሲዶሲስ አብሮት አለ፤ ከ2 ከበለጠ ሜታቦሊክ አልካሎሲስ አለ። ድንበሮቹ እንደ ግንብ የጠነከሩ አይደሉም፤ 0.9 ስላያችሁ አዲስ በሽታ አትፍጠሩ። የካላዛሩ ልጅ 6 ለ11፣ ማለትም 0.55 ነው፤ እንግዲህ ሴፕሲሱም ተቅማጡም እውነት ናቸው።

ሌላ፦ የ22 ዓመት የፎገራ ገበሬ፣ ኢንሱሊኑ አልቆበት ሦስት ቀን ሲያስታውከው ቆይቷል። pH 7.30፣ PaCO2 29፣ HCO3 14፣ Na 136፣ Cl 88። የሚጠበቀው PaCO2 1.5 × 14 + 8 = 29፤ ሳንባው ሥራውን እየሠራ ነው። ጋፑ 34። 22 ለ10፣ 2.2። ስሙ በሙሉ፦ ከፍተኛ አኒዮን ጋፕ ያለው ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ከሜታቦሊክ አልካሎሲስ ጋር፣ ሳንባው በልኩ ያካካሰው። pH 7.30 ስለሆነ «ቀላል ነው» እንዳትሉ፤ ትውከቱ ነው ያሳመረው።

ስድስተኛ፦ ኦክስጅኑ፣ በባሕር ዳር ልክ

የመማሪያ መጻሕፍት PaO2 ከ80 እስከ 100 የሚሉት ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ 760 ሳይሆን ወደ 610 ይጠጋል። የአልቪዮላሱ ኦክስጅን፦

```
PAO2 = FiO2 × (610 - 47) - PaCO2 / 0.8
```

በክፍል አየር የመጀመሪያው ክፍል 118 ገደማ ይመጣል። PaCO2 37 የሆነ ጤነኛ ሰው 72 ገደማ ይቀረዋል፤ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ከዚያም ትንሽ ያነሰ ነው። ሐይቁ ዳር የሚሮጥ ጎረምሳ PaO2ው 68 ቢሆን አትደንግጡ፤ ወደ ሲኒየር መሮጥም አያስፈልግም። ቀመሩን ከመጽሐፍ በ760 ከገለበጣችሁት ግን ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ታደርጉታላችሁ።

አሁን ጥግ ላይ ጻፉ ያልኳችሁን። የዘጌ እናት፣ 63 ዓመት፣ ዕድሜ ልካቸውን በጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ፣ ለአራት ቀን ትንፋሽ ያጠራቸው። pH 7.25፣ PaCO2 70፣ HCO3 30፣ PaO2 52፤ ወረቀቱ FiO2 21% ይላል። HCO3 የሰዓታት ቢሆን 27፣ የቆየ ቢሆን ወደ 34.5 ይጠበቅ ነበር። 30 መሃል ነው፤ በቆየ ሬስፓይራቶሪ አሲዶሲስ ላይ አዲስ ተጨምሯል። ኦክስጅኑን ስናሰላ ግን 118 - 87.5 = 30.5። ደማቸው ውስጥ 52፣ አልቪዮላሳቸው ውስጥ 30? አይሆንም። እናታችን አፍንጫቸው ላይ 2 ሊትር ኦክስጅን ነበራቸው፤ ማሽኑ 21% ያለው የነገረው ስለሌለ ነው። በ28% ሲሰላ PAO2 ወደ 70 ይመጣል፣ ልዩነቱም 18 ገደማ ይሆናል። ለሳቸው SpO2 ከ88 እስከ 92 ይበቃል።

ቅዳሜ ይዛችሁት የምትመጡት

የ30 ዓመት ሴት፣ ወባ፣ ራሷን ስታለች። pH 7.10፣ PaCO2 40፣ HCO3 12፣ Na 138፣ Cl 100። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ሥሩት።

H+ 80፣ ከ7.10 ጋር ይስማማል። ጋፑ 26፤ 14 ለ12፣ 1.2 ገደማ፤ ከኋላው የተደበቀ ሜታቦሊክ ነገር የለም። የሚጠበቀው PaCO2 1.5 × 12 + 8 = 26። የተለካው 40 ነው። ለናንተና ለኔ 40 መደበኛ ነው፤ ለሷ ግን በ14 የበዛ ነው፤ መተንፈስ እያቃታት ነው። ስሙን ጽፋችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ ጋፑን ከማስላታችሁ በፊት አምቡ ባግ አልጋዋ ዳር ይሁን፣ ሲኒየራችሁንም ቀስቅሱ።