የሚፈላ ውሃና የታጠበ እጅ፦ ለግንፍሌ መንደር ነዋሪዎች በእድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! የእድራችሁ ዳኛ «ከመዋጮው በፊት ተናገሪ» ብለው ቅድሚያ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከመዋጮው በኋላ ቢሆን ኖሮ ግማሻችሁን አላገኛችሁም ነበር።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ነኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከዚህ ከወንዙ ዳር በተቅማጥ የሚመጡ ሕፃናት በዝተውብናል። እናቶችን ስጠይቅ «ጥርስ እያወጣ ነው» ይሉኛል። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ግን መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ተቅማጡን የሚያመጣው ያ አፉ ውስጥ የገባው ነገር ነው።

ተቅማጥ ብዙ መነሻ አለው። ቫይረስም አለ፣ አሜባና ጃርዲያም አሉ። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ባክቴሪያ ላወራችሁ ነው። ኮሌራ፣ ሺጌላ፣ ሳልሞኔላ፣ ኢ ኮላይ ይባላሉ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማችንን እንዴት እንዳስጨነቀ የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

አሁን በግልጽ ልናገር ነው፣ እንዳትቀየሙኝ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የታመመ ሰው አንጀት ውስጥ ይራባሉ፣ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ሌላው ሰው የሚታመመው ያ ሰገራ በሆነ መንገድ አፉ ሲደርስ ነው። በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ቅንጣት ይበቃል። ሺጌላ በተለይ ክፉ ናት። ከመቶ ያነሱ ባክቴሪያዎች እንኳ ጤነኛ ሰው ሊጥሉ ይችላሉ። የጋራ መጸዳጃ ቤታችንን አስቡት። ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል? የበሩን መቀርቀሪያ ሁላችንም እንነካዋለን። ከዚያ ቤት ገብተን እንጀራ እንቆርሳለን።

አንዳንዶቻችሁ «የቧንቧ ውሃ እኮ ነው የምንጠጣው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ውሃ ታክሞ ነው የሚለቀቀው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መስመሩ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ቧንቧው የተሰነጠቀ ከሆነና ፍሳሽ አጠገቡ ካለ፣ ቆሻሻው በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው። ቀጥሎ ጀሪካኑ አለ። ውስጡ አረንጓዴ ያልያዘ ጀሪካን ያለው እስቲ እጁን ያውጣ! በመጨረሻም ከበርሜሉ በጣሳ እንጨልፋለን፤ ጣሳውን የያዙት ጣቶች ውሃው ውስጥ ይነከራሉ። ውሃው ኩልል ያለ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ ግን ውሃን አያደፈርስም፣ ጣዕሙንም አይለውጥም።

መፍትሔው ማፍላት ነው። ሙቀት የባክቴሪያውን ፕሮቲን ያበላሸዋል፤ ፕሮቲኑ ከተበላሸ መኖርም መራባትም አይችልም። ባለፈው አንድ አስተማሪ ጎረቤታችሁ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ እኛ ዘንድ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ተቅማጥ አምጪዎቹ ባክቴሪያዎች ግን 70 ዲግሪ ላይ ቶሎ ይሞታሉ። ስለዚህ ይበቃል። ለጥንቃቄ ግን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር፣ ውሃው እየተንፈቀፈቀ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጭስ ስላወጣ ወይም ትንንሽ አረፋ ስለታየ አይወረድም። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አስቀምጡት ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ አጥሉት፣ ከዚያ አፍሉት። ፍሪጅ ግን አትመኑ። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን አይገድልም፣ በረዶም ቢሆን።

ከሰል ስንት እንደገባ እኔም ገዢ ነኝ፣ አውቃለሁ። የልብስና የወለል ውሃ አፍሉ አላልኳችሁም። የሚጠጣውን፣ ለሕፃን ወተት ወይም አጥሚት የሚበጠበጠውን፣ ጥሬ የሚበላ አትክልት ማለቅለቂያውን ብቻ። ድስቱን ክደኑት፣ ቶሎ ይፈላል። ቡና ካፈላችሁ በኋላ ፍሙ ላይ ጣዱት። ያም ካልተቻለ ከመድኃኒት ቤት የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ገዝታችሁ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ። ክሎሪን ኮሌራን ይገድላል፤ ጃርዲያ ላይ ግን ይደክማል። ለዚህ ነው እኔ ማፍላቱን የማስቀድመው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የፈላውን ውሃ መልሳችሁ ያልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ከጨመራችሁት ከሰሉን በከንቱ አነደዳችሁ። በፈላበት ድስት ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አፈ ጠባብ፣ ክዳን ያለው፣ የታጠበ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ይቀዳ እንጂ አይጨለፍ። በማግስቱ አዲስ አፍሉ።

አሁን ወደ እጅ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን እጅ ሳንታጠብ ማዕድ አንቀርብም፤ እንግዳ ማስታጠብ ክብራችን ነው። ግን እንዴት ነው የምንታጠበው? ከምግብ በፊት ጣት ላይ ጠብ ጠብ አድርገን እናራግፋለን። ሳሙናው የሚወጣው ከምግብ በኋላ ነው፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ! ተገላብጧል እኮ። ቅባት የነካው ድስት በውሃ ብቻ ይለቃል? አይለቅም። ቆዳችንም የራሱ ስስ ቅባት አለው፤ ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ ተጣብቆ ይቀመጣል። ውሃ ብቻውን ላዩን አልፎት ይሄዳል። ሳሙና ቅባቱን ሲያስለቅቅ ባክቴሪያውም አብሮ ይወርዳል። ሞቀም ቀዘቀዘም ውሃው ለውጥ የለውም። የሽቶ ሳሙናም አያስፈልግም፤ የልብስ ሳሙና ይሠራል። ሳሙና ከጠፋ አመድ አለ።

ዋናው ማሸት ነው። ሃያ እስክትቆጥሩ እሹ። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር። በሚወርድ ውሃ አለቅልቁ። ብዙ ሰው የታጠበበት ሳፋ ውስጥ መንከር መታጠብ አይደለም። ያደፈ ፎጣ ላይ ከምታደርቁት ደግሞ አየር ላይ ብታራግፉት ይሻላል።

መቼ? ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ። የሕፃን ዳይፐር ወይም ጨርቅ ከቀየራችሁ በኋላ፤ የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው የሚባለው ተረት ነው። ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት፣ ከመብላታችሁ በፊት፣ ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት። የጉርሻ ነገር ካነሳን፣ አጉራሹ ካልታጠበ ከእንጀራው ጋር ባክቴሪያውንም ነው የሚያጎርሰው። ለመጸዳጃ ቤቱ በር ከእድሩ ገንዘብ አንድ ቧንቧ ያለው ባልዲና በገመድ የታሰረ ሳሙና ይገዛ። ሳሙናው ይሰረቃል ትሉኝ ይሆናል። ይሰረቅ፣ ሌላ እንገዛለን። ቢያንስ ወሳጁ ይታጠብበታል።

ሰው ከታመመባችሁ ውሃና የእናት ጡት አትከልክሉ። «ያስቀምጠዋል» ብሎ ውሃ መንፈግ ነው ልጅ የሚገድለው። ኦ አር ኤስ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ ትንሽ በትንሽ ስጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀረ፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም የሩዝ ውሃ ከመሰለ እንዳታድሩ፣ ሌሊትም ቢሆን አምጡት። ከጎረቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን አትስጡ።

ኦ አር ኤስ ይዘን መጥተናል፣ ልጅ ያላችሁ ስትወጡ ውሰዱ። ማክሰኞ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ጀሪካናችሁን በጠጠርና በሳሙና እንዴት እንደሚያጥቡ ያሳዩአችኋል። አሁን ጥያቄ ያለው? እማማ፣ ከኋላ እጅዎን አውጥተው ነበር፤ በእርስዎ እንጀምር።