ስለ ማሞቂያ መቋረጥና ስለ ሻጋታ ለቤት አከራይ የተጻፈ አቤቱታ፣ የአማርኛ ቅጂ

ይድረስ ለወይዘሮ ዘነበች፤

ከዚህ በታች ያለው በእንግሊዝኛ ለአከራይዎ የሚሰጠው ደብዳቤ የአማርኛ ቅጂ ነው። እርስዎ ቅዳሜ ዕለት በነገሩኝ ላይ የጨመርኩት ሕጉን የሚጠቅሱትን ቦታዎች ብቻ ነው፤ እነርሱንም አንድ በአንድ ተነጋግረንባቸዋል። «ልጆቼን በብርድ ሊጨርሱብኝ ነው» ያሉትን አላስገባሁም። በእርሱ ፈንታ በቴርሞሜትር የለኩትን አስቀምጫለሁ። ጭንቀትዎን ማሳነሴ አይደለም፤ ተለክቶ የተመዘገበን ቁጥር አስተባብሎ ማለፍ ስለሚከብድ ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን እዚህ በእኛ፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ በእነርሱ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። እርስዎ ካሉት የተለየ አንድ ቀን ወይም አንድ ቃል እንኳ ካገኙ አይፈርሙ፤ ይደውሉልኝና እናርመዋለን።

ጃንዋሪ 14 ቀን 2025
ብራይትዉድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ለተከበሩ የሕንፃው ባለቤት

ጉዳዩ፦ በአፓርታማ 304 ስለማይሠራው ማሞቂያ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ስለወጣው ሻጋታና ሳይነገረኝ ወደ ቤቴ ስለተገባበት ሁኔታ

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በሕንፃዎ ውስጥ ከሁለት ልጆቼ ጋር መኖር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት ወርኃዊውን ኪራይ፣ አሁን 1,780 ዶላር የደረሰውን፣ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። በውላችን ውስጥ የእኔ ድርሻ ይህ ነው፤ ፈጽሜዋለሁ፤ ዛሬም እየፈጸምኩ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእርስዎን ድርሻ እንዲፈጽሙልኝ ለመጠየቅ ነው። እስከ ዛሬ ያቀረብኳቸው አቤቱታዎች በእኔ ጥቂት እንግሊዝኛ ወይም በልጄ አንደበት የተነገሩ ስለሆኑ አጭር ነበሩ። ቋንቋዬ አጭር በመሆኑ ችግሩም አጭር መስሎ ታይቶዎት ከሆነ፣ ዛሬ በሙሉ ቃሉ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ማሞቂያው። የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ራዲያተሮች ከኖቬምበር 12 ቀን 2024 ጀምሮ አንዳንዴ ለብ ይላሉ እንጂ አይሞቁም። ከዲሴምበር መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ጨርሶ ቀዝቃዛ ነው። በዚያው በኖቬምበር 12 ለጥገና ሠራተኛው በቃል ነገርኩት። በኖቬምበር 29 ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ በስልክ መልእክት ተጻፈለት። በዲሴምበር 27 እኔ ራሴ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። የጥገና ሠራተኛው አንድ ቀን መጥቶ የራዲያተሩን መክፈቻ ነካክቶ «ይሞቃል» ብሎኝ ሄደ። አልሞቀም።

ከጃንዋሪ 3 ጀምሮ በልጆቼ መኝታ ቤት የክፍሉን ሙቀት እየለካሁ መዝግቤያለሁ፤ የቴርሞሜትሩንም ፎቶግራፍ ከነቀኑና ሰዓቱ ይዤያለሁ። በጃንዋሪ 3 ከንጋቱ 12 ሰዓት 59 ዲግሪ ፋራናይት ነበር። ከተማው በበረዶ በተሸፈነበት በጃንዋሪ 6፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 56 ሆነ። ይህም ወደ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ያ ምሽት ለእኛ የገና ዋዜማ ነበር። ልጆቼ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በአንድ አልጋ ላይ ተኙ። በጃንዋሪ 9 ከምሽቱ 2 ሰዓት 58 ነበር። በመዘገብኳቸው አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ ክፍሉ 65 ዲግሪ የደረሰበት አንድም ጊዜ የለም።

የዋሽንግተን ዲሲ የቤቶች ደንብ ማሞቂያውን አከራዩ በሚቆጣጠርበት ቤት ውስጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቢያንስ 68 ዲግሪ፣ በቀሪዎቹ የሌሊት ሰዓቶች ደግሞ ቢያንስ 65 ዲግሪ እንዲሆን ያዝዛል። እኔ የጠየቅሁት ከዚህ የሚያልፍ ምቾት አይደለም። ሕጉ ዝቅተኛ ያለውን ነው።

ብርዱን ለመቋቋም በ68 ዶላር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁ። የዲሴምበር የመብራት ሒሳቤ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በ112 ዶላር በለጠ። ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀናት የወጥ ቤቱን ምድጃ ከፍቼ ቤቱን ለማሞቅ ሞክሬ ነበር። የልጄ ሐኪም ቤት ነርስ ይህ በእሳትና በመርዛማ ጭስ ቤተሰብ ሊያጠፋ እንደሚችል ስትነግረኝ ደንግጬ ተውኩት። ይህን የምነግርዎ አንዲት እናት ምን ላይ እንደደረሰች እንዲያውቁ ስለምፈልግ ነው።

ሁለተኛው ሻጋታው ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚፈስ ውሃ በመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ እርጥበት አምጥቷል። ከእርጥበቱም ጥቁር ሻጋታ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ወርዷል። በዲሴምበር 10 የጥገና ሠራተኛው መጥቶ በላዩ ላይ ነጭ ቀለም ቀባበት። የሚያፈሰውን ቧንቧ አላየም፤ የበሰበሰውን ኮርኒስም አላነሳም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥቁሩ ቀለሙን አልፎ ተመልሶ ወጣ። ዛሬ አራት ጫማ በሦስት ጫማ የሚሆን ቦታ ይዟል።

የስድስት ዓመት ልጄ አስም አለበት። ከኖቬምበር ወዲህ ሌሊት በሳል እየተነሳ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ። ሐኪሙ ሻጋታና ቅዝቃዜ የሕፃኑን አስም እንደሚያባብሱ ጠቅሶ የጻፈው ደብዳቤ ተያይዟል።

በዲሲ ሕግ መሠረት አከራይ ስለ ሻጋታ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሲደርሰው በ7 ቀን ውስጥ መመርመር፣ በ30 ቀን ውስጥም ማስወገድ አለበት። ሻጋታው የያዘው ቦታ ከ10 ስኩዌር ጫማ በላይ ሲሆን ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ መሠራት ይኖርበታል። የእኔ ቤት ሻጋታ 12 ስኩዌር ጫማ ያህል ስለሆነ፣ በቀለም ብሩሽ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ደብዳቤ ያ የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነው። በሌሊት በሆቴል ጽዳት እሠራለሁ፤ የምተኛው ቀን ነው። በዲሴምበር 19 ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተኝቼ ሳለሁ ሥራ አስኪያጁና አንድ የማላውቀው ሰው በቁልፍ ከፍተው ገቡ። ነቅቼ ስወጣ በሌሊት ልብሴ ነበርኩ። አስቀድሞ የደረሰኝ ወረቀት የለም፤ ጥሪም የለም። በእኛ ዘንድ ሰው ወደ ሰው ቤት ሲመጣ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። እዚህ አገርም ቢሆን ሕጉ ከዚህ የተለየ አያስብም፤ አስቸኳይ አደጋ ካልተፈጠረ በቀር አከራይ ወደ ተከራይ ቤት ለመግባት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ለጥገና በሬ ክፍት ነው፤ እኔው ራሴ ጥገናውን እየለመንኩ እንዴት እከለክላለሁ? የምጠይቀው አስቀድሞ እንዲነገረኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት፣ ነገር ግን በጥብቅ እጠይቃለሁ። ማሞቂያው እስከ ዓርብ ጃንዋሪ 17 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ሕጉ ወደሚጠይቀው ሙቀት እንዲደርስ፤ ይህ ካልተቻለም በዚያው ቀን ደኅንነቱ የተጠበቀ ጊዜያዊ ማሞቂያ በእርስዎ ወጪ እንዲቀርብልኝ። ሻጋታው እስከ ጃንዋሪ 21 እንዲመረመር፣ የሚያፈሰው ቧንቧ ተጠግኖ እስከ ፌብሩዋሪ 13 ድረስ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዲወገድ። ለማሞቂያውና ለመብራት ያወጣሁት 180 ዶላር ከፌብሩዋሪ ኪራይ ላይ እንዲታሰብልኝ፣ ስምምነትዎንም በጽሑፍ እንዲሰጡኝ። ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ በራሴ ሥልጣን አንድ ዶላር አልቀንስም።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ለአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጄ መልእክት አይላክ፣ አይደወል። እስካሁን አስተርጓሚዬ እርሷ ነበረች። በዲሴምበር 27 ሥራ አስኪያጁ «ካልተመቻችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ» ሲል ቃሉን ወደ እኔ ያመጣችው እርሷ ናት። ከቢሮው ስንወጣ «ልንባረር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ የምትሸከመው ነገር አይደለም። ለእኔ የምትጽፉልኝን በጽሑፍ አድርጉት፤ እንግሊዝኛም ቢሆን የሚያነብልኝ አዋቂ አለ። በቃል መነጋገር ካስፈለገም አስተርጓሚ ይዤ በቀጠሮ እመጣለሁ።

«ሌላ ቤት ፈልጉ» ለተባለውም መልስ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1970 በጃቪንስ ጉዳይ ከተሰጠው ፍርድ ጀምሮ፣ በዚህ ከተማ በሚደረግ የቤት ኪራይ ውል ውስጥ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ መጠበቅ፣ በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም፣ የአከራዩ ግዴታ ነው። ተከራይ ስለ ቤቱ ጉድለት አቤት በማለቱ እንዲወጣ መጫን፣ ኪራይ መጨመር ወይም አገልግሎት መቀነስም በሕግ የተከለከለ ነው። አቤቱታው በቀረበ በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ እርምጃ ቢወሰድ ሕጉ እንደ በቀል ይገምተዋል። እርስዎ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አይደለም። በስምዎ የሚናገር ሰው ምን እንደሚል እንዲያውቁት ብዬ ነው።

በተጠቀሱት ቀኖች ሥራው ካልተጀመረ፣ ለከተማው የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት አመልክቼ ተቆጣጣሪ እንዲመጣ አደርጋለሁ። ለተከራዮች ጥብቅና የሚቆመውንም የከተማውን ጽሕፈት ቤት አማክራለሁ። አስፈላጊ ሲሆን የቤት ጉድለት ጉዳዮችን ለሚያየው የዲሲ የበላይ ፍርድ ቤት ችሎት አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያካትታቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ በከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ መናገር እችላለሁ። ወደዚያ ከመሄድ ግን ከእርስዎ ጋር መጨረሱን እመርጣለሁ። ጎረቤቶቼን እወዳለሁ፤ የልጆቼ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ በዚህ ቤት መቆየት እፈልጋለሁ።

ለጥገና ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቤት እገኛለሁ፤ ከ48 ሰዓት በፊት ማስታወቂያ ከደረሰኝ በሌላ ሰዓትም እመቻቻለሁ። ለማሞቂያው ጥገና ግን 48 ሰዓቱን አልጠብቅም፤ ዛሬም ነገም ደውላችሁ ኑ። መልስዎን እስከ ጃንዋሪ 17 በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ዘነበች ታደሰ
የአፓርታማ 304 ተከራይ

አባሪ፦ ከጃንዋሪ 3 እስከ 13 የተመዘገበው የሙቀት መጠን ከፎቶግራፎቹ ጋር፤ የኮርኒሱ ፎቶግራፎች፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ የተነሱትን ጨምሮ፤ የኖቬምበር 29 የስልክ መልእክት ቅጂ፤ የሐኪሙ ደብዳቤ፤ የማሞቂያው ግዢ ደረሰኝና የሁለቱ ዓመታት የዲሴምበር የመብራት ሒሳብ።

ይህ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለሕንፃው ቢሮ በእጅ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የተረከበው ሰው ስሙንና ቀኑን ከጻፈበት በኋላ በተከራይዋ እጅ ይቆያል።