በሁለተኛው የመሙያ መስመር ስለሚያፈስሱ ጠርሙሶች የተሳለው የዓሣ አጥንት ሥዕል ማጠቃለያ

ለምርት፣ ለጥገና እና ለግዢ ክፍል ኃላፊዎች

ማክሰኞ በተደረገው የጥራት ስብሰባ በነጩ ሰሌዳ ላይ የሳልነው የመንስኤና ውጤት ሥዕል ፎቶው ደርሷችኋል። በስብሰባው ላልተገኛችሁ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚልና እኔ እንዴት እንዳነበብኩት ከዚህ በታች ጽፌያለሁ።

በዓሣው ጭንቅላት፣ ማለትም በቀኝ በኩል ባለው ሳጥን ውስጥ፣ የተጻፈው ችግር «ጠርሙሶች ከክዳናቸው ሥር ያፈስሳሉ» የሚል ነው። ከአከርካሪው የሚወጡት ስድስት ትልልቅ አጥንቶች የተለመዱት ናቸው፦ ሰው፣ ማሽን፣ አሠራር፣ ጥሬ ዕቃ፣ ልኬት እና አካባቢ። በእነዚህ ላይ በአጠቃላይ 23 ትንንሽ አጥንቶች ተጽፈዋል። ሁሉም ከተሰብሳቢው የተሰጡ ጥርጣሬዎች እንጂ የተረጋገጡ መንስኤዎች አይደሉም።

ፎቶውን ያየ ሰው በቅድሚያ የሚያስተውለው «ሰው» የሚለው አጥንት ከሁሉም የበለጠ መጨናነቁን ነው፤ ዘጠኝ ነጥቦች አሉበት። ከዚህ ተነስቶ ጥፋቱ የኦፕሬተሮቹ ነው ብሎ መደምደም ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። የነጥብ ብዛት የመንስኤን ክብደት አይለካም፤ ስለ ሰው መናገር ለሁላችንም ስለሚቀልል ብቻ አጥንቱ ይሞላል። ከዘጠኙ ሦስቱ «ትኩረት ማነስ» የሚለውን በተለያየ ቃል የሚደግሙ ናቸው። ትኩረት ለምን አነሰ ብለን ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ ከዚያ አጥንት ወጥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ማሽኑን በየጊዜው ያስተካክሉ የነበረው ክዳኑ ላልቶ ስላገኙት ነው። የእነርሱ ማስተካከል የችግሩ ምልክት እንጂ መነሻው አይደለም።

ዋናው መንስኤ «ማሽን» በሚለው አጥንት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የክዳን ማጥበቂያው ስምንት ራሶች አሉት። የጥገና ባልደረባችን የጻፈው ነጥብ የ3ኛውና የ7ኛው ራስ ክላች ማለቁን ይናገራል። ክላቹ ሲያልቅ ራሱ ከሚፈለገው ኃይል በታች ስለሚለቅ ክዳኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። ካርቶኖች ተደራርበው ክብደት ሲያርፍባቸው ውሃው መውጫ ያገኛል። ረቡዕ ጠዋት ከእያንዳንዱ ራስ አምስት አምስት ጠርሙስ፣ በድምሩ 40፣ ወስደን የመክፈቻ ኃይላቸውን በሌላ መስመር መለኪያ ለካን። ከዝቅተኛው ወሰን በታች የሆኑት ሁሉ ከእነዚያ ሁለት ራሶች የወጡ ናቸው።

ታዲያ ይህ ለሳምንታት እንዴት ሳይታይ ቀረ? መልሱ «ልኬት» እና «አሠራር» በሚሉት አጥንቶች ላይ ተከፋፍሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን እንደ አንድ ነው የማነብበው። በየሰዓቱ የሚለካው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ራስ እንደወጣም አይመዘገብም። ከስምንት ራሶች ስድስቱ ደህና ስለሆኑ የሚነሳው ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ይሆናል፣ መዝገቡም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በዚህ ላይ የመስመሩ መለኪያ የካሊብሬሽን ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ክላቹን ቀይረን ይህን ካልቀየርን ቀጣዩን ብልሽት የምንሰማው እንደገና ከደንበኛ ነው። ይህ የእኛ የጥራት ክፍል ድክመት መሆኑን በግልጽ እቀበላለሁ።

«ጥሬ ዕቃ» ላይ አዲሱ የክዳን አቅርቦት ተጠርጥሯል። ክዳኑ ጥፋተኛ ቢሆን ፍሳሹ በስምንቱም ራሶች ላይ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ደካማ ነው። ሆኖም የለካነው ከአንድ ጭነት ብቻ በመሆኑ ነጥቡን አልሰረዝኩትም። «አካባቢ» ላይ የተጻፈው የመጋዘን ሙቀት ከማሽኑ ራስ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ጥገና ክፍል የሁለቱን ራሶች ክላች እስከ ዓርብ ይቀይር፤ የስድስቱንም ሁኔታ ፈትሾ በጽሑፍ ያሳውቅ። ምርት ክፍል እስከዚያው ድረስ የሌሊት ፈረቃ ማሽኑን በራሱ ውሳኔ እንዳያስተካክል፣ የላላ ክዳን ሲያገኝ ግን መስመሩን የማቆም ሥልጣን እንዳለው ይንገረው። እኛ ከሰኞ ጀምሮ በየፈረቃው መጀመሪያና አጋማሽ ከስምንቱም ራሶች ናሙና እንወስዳለን፣ ውጤቱን በራስ ቁጥር እንመዘግባለን፤ መለኪያውንም ለካሊብሬሽን እንልካለን። ግዢ ክፍል የሚቀጥለው የክዳን ጭነት ሲደርስ ወደ መስመር ከመግባቱ በፊት ያሳውቀን፤ ያንኑ የ40 ጠርሙስ ልኬት ደግመን በጥሬ ዕቃው ነጥብ ላይ ውሳኔ እንሰጣለን።

የጥራት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ