ጉዳዩ፦ ለከፍተኛ አካውንታንት የሥራ መደብ የቀረበልኝን ደመወዝና ሥራ የምጀምርበትን ቀን ይመለከታል

ሚያዝያ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ ወ/ሮ ሰላማዊት፣
የሰው ሀብት ሥራ አመራር ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሰላማዊት፤

ዓርብ ዕለት የላኩልኝ የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራውን እፈልገዋለሁ። እንድትመለከቱልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በደብዳቤው ላይ ብር 42,000 የተባለው መነሻ ደመወዝ ወደ ብር 52,000 ከፍ እንዲል።

ምክንያቴን ላስረዳ። አብዛኛው የሥራ ማስታወቂያ ደመወዝን «በስምምነት» ብሎ ስለሚያልፈው ከማስታወቂያ ብቻ ገበያውን መገመት አይቻልም። ስለዚህ የያዝኩት ባለፉት ሁለት ወራት ቃለ መጠይቅ ባደረግሁባቸው ሦስት አስመጪ ድርጅቶች በቁርጥ የተነገረኝን ነው፤ 48,000፣ 51,000 እና 57,000 ብር። የመጨረሻው የፋይናንስ ኃላፊውን ሥራ ደርቦ የሚያሠራ በመሆኑ ከዚህ መደብ ጋር አላወዳድረውም። ሁለቱ ግን ሥራቸውም፣ የሚጠይቁት የሥራ ልምድም ከእናንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሌላው የሥራው ስፋት ነው። በማስታወቂያው ላይ የነበረው የዋናው መሥሪያ ቤት ሒሳብ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ የቃሊቲው መጋዘንና የአዳማ ቅርንጫፍ ሒሳብም በዚሁ መደብ ሥር እንደሚጠቃለል፣ መዝገቡም ከፒችትሪ ወደ አዲሱ ሲስተም እንደሚዛወር ተነግሮኛል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪ ሒሳብ ከባዱ ክፍል እዚያው ላይ ነው፤ ኤልሲ የተከፈተበት፣ ዕቃው የገባበትና ቀሪው ክፍያ የተፈጸመበት ተመን የተለያየ ስለሚሆን ልዩነቱ ከዕቃው ዋጋ ተለይቶ በትርፍና ኪሳራ ካልተያዘ የመጋዘኑ ዋጋም፣ የመሸጫ ዋጋውም ይዛባል። ይህን ሥራ ላለፉት 4 ዓመታት በአይኤፍአርኤስ መሠረት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ የመክፈቻ ቀሪ ሒሳብ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ አዛውሬም አውቃለሁ።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ 10,000 ብር ይምሰል እንጂ እጄ ላይ የሚደርሰው 5,800 ነው። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ይቀነሳል፤ ስለዚህ 42,000 ሲጣራ 26,410፣ 52,000 ደግሞ 32,210 ብር ይሆናል። በእናንተ በኩል የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ሲታከል ጭማሪው በወር 11,100 ብር እንደሚደርስ አስቤበታለሁ።

የደመወዝ እርከናችሁ 52,000ን አሁን የማያስችል ከሆነ በር አልዘጋም። በብር 48,000 ጀምሬ የሙከራ ጊዜዬን እንደጨረስኩ 52,000 እንዲሆን በቅጥር ውሉ ላይ ቢጻፍ እስማማለሁ። በቃል «ኋላ ይታያል» መባሉ ግን ኃላፊ ሲቀየር ስለሚረሳ ለሁለታችንም አይበጅም። የሕክምና ዋስትናውና የትራንስፖርት አበሉ ባሉበት ይበቁኛል።

ደብዳቤው ግንቦት 10 እንድጀምር ይላል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአሁኑ አሠሪዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ሐሙስ ከተስማማን ዓርብ ሚያዝያ 30 አስገባለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ግንቦት 30 ያበቃል፣ ሰኞ ሰኔ 1 ሥራ እገባለሁ። ያልተጠቀምኩበት 11 ቀን የዓመት ፈቃድ ስላለኝ በማስጠንቀቂያው መጨረሻ ላይ እንድወስደው፣ ርክክቡንም አስቀድሜ እንድጨርስ እጠይቃለሁ፤ ድርጅቱ ቀደም ብሎ መልቀቂያ ከሰጠኝ ሰኞ ግንቦት 17 መጀመር እችላለሁ። ይህን ግን ፈቃዱ የእነሱ ስለሆነ ቃል አልገባበትም፤ ቃል የምገባው ሰኔ 1ን ነው። የሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራና የበጀት ዓመት መዝጊያ ከመድረሱ በፊት አራት ሳምንት ይኖረኛል። መልቀቂያዬን ሳልይዝ ግን የእናንተን ሰነድ ማየት አግባብ አይመስለኝም። ለእናንተ ዘግየት ማለቱ ቢመች ደግሞ እስከ ሰኔ 8 መቆየት አይከብደኝም።

መልሴን የጠየቃችሁት እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 29 ነው። ነገ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለመነጋገር ጊዜው ካጠረ እስከ ሰኞ ግንቦት 3 ብታራዝሙት ቅር አይለኝም። ያኔ የምጀምርበት ቀንም በዚያው ልክ ይገፋል። በስልክ መነጋገር ከመረጡ ረቡዕ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከ6 እስከ 7 ይመቸኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሄለን ታደሰ