ለእቴቴ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እቴቴዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሶ ሶሪ፣ ትናንት ስትደውዪ ናይት ሺፍት ነበርኩ፤ ስልኬን ሎከር ውስጥ ነው የምተወው።

በርበሬውና ሽሮው ደርሶኛል፣ ታንክ ዩ ሶ ማች! የሽሮው ላስቲክ ግን ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ ይዛልኝ የመጣችው ልጅ ጂንስ ሁሉ ሽሮ ሽሮ ይላል። ኦ ማይ ጋድ፣ በሳቅ ሞትን! የተረፈውን ዛሬ ሠራሁት። እማዬ ገና በሩን ስትከፍት ሸቷት «ይሄማ የእህቴ እጅ ነው» አለች፤ አይ ስዌር፣ ሳትቀምሰው!

ለፋሲካ ትንሽ ብር ልኬልሻለሁ። ፕሊስ፣ መድኃኒትሽን ግዢበት፤ ለጎረቤት እንዳታከፋፍዪው፣ አይ ኖው ዩ!

እሁድ በናንተ ማታ 2 ሰዓት ቪዲዮ ኮል አደርጋለሁ፣ ኦኬ? ካሜራውን ደግሞ ፊትሽ ላይ አድርጊው፤ ባለፈው ጣራውን ብቻ ነው ያየሁት። ላቭ ዩ፣ እቴቴ።