ለገበያ ነጋዴዎች አነስተኛ መድን፦ ከደሴ ቅርንጫፍ የቀረበ ሐሳብ

ለዋናው መሥሪያ ቤት ማኔጅመንት
ከደሴ ቅርንጫፍ፣ የውልና ሽያጭ ክፍል
ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

በሰኞ ገበያና በፒያሳ ዙሪያ ለሚነግዱ ሰዎች በሳምንት 10 ብር የሚከፈልበት መድን እንድንጀምር እጠይቃለሁ። ባለፉት ሁለት ወራት 60 ከሚሆኑ ነጋዴዎች ጋር ቁጭ ብዬ አውርቻለሁ። ልባሽ፣ ቅመማ ቅመም፣ ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡ ናቸው። መድን ያለው አንድም አላገኘሁም። ብዙዎቹ ንብረታቸው ያው መደብ ላይ ያለው ዕቃ ነው፤ እሱም ግማሹ በዱቤ የመጣ።

አንዲት ልባሽ የሚሸጡ እናት «በ2014 ሁሉም ሲዘረፍ የት ነበራችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጦርነት በመደበኛ የእሳት ውላችን ውስጥ የለም፤ በዚህኛውም ሊኖር አይችልም። ይህንን ግን በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል መደበቅ የለብንም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «የጦርነትና የሁከት ጉዳት አይካስም» ተብሎ ይጻፍ፤ ሻጩም አፉን ሞልቶ ይናገር። ሰው የሚቀየመው ያልነገሩትን ሲያገኝ ነው።

ሽፋኑ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ዕቃ በእሳት ወይም በጎርፍ ሲጠፋ እስከ 60,000 ብር። ሁለተኛው ነጋዴው ሆስፒታል ሲተኛ በቀን 300 ብር፣ በዓመት እስከ 15 ቀን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሕክምናውን ይከፍላል፤ ሱቅ ተዘግቶ የቀረውን የዕለት ገቢ ግን አይተካም። የቀብር ሽፋን ሆን ብዬ ትቻለሁ። ለእሱ እድር አለ፣ ከእኛም በተሻለ ይሠራዋል።

ዋጋውን እንዲህ አሰላሁት። የራሳችን የገበያ መደብ የካሳ ታሪክ ስለሌለን ቁጥሮቹ የሥራ ግምት ናቸው፤ አክቹዋሪው ይፈትሻቸው። ከ1,000 መደብ በዓመት 6 ጉዳት ይደርስበታል፣ በአማካይም የሽፋኑ 60 በመቶ ይጠፋል ብንል ለአንድ አባል 216 ብር ይመጣል። ከ100 ሰው 4ቱ ለአምስት አምስት ቀን ቢተኙ ደግሞ 60 ብር። ድምሩ 276። ለከባድ አደጋ 88 ብር ስንጨምር 364 ይሆናል። ከአረቦኑ 10 በመቶ ለወኪል፣ 15 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ፣ 5 በመቶ ለትርፍ ከተያዘ ዓመታዊ አረቦኑ 520 ብር ነው። በሳምንት 10 ብር ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ 88 ብር ነው። መደቦቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ከላይ ሸራና ላስቲክ ነው። አንዱ ከተቀጣጠለ ረድፉ ይሄዳል። በአንድ ረድፍ 40 አባላት ካሉን ካሳው 1,440,000 ብር ይደርሳል። ከ1,000 አባላት በዓመት የምንሰበስበው ግን 520,000 ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ግድ ነው፦ በአንድ ረድፍ ከ40 አባል በላይ አንቀበልም፣ በአንድ አደጋ ከ300,000 ብር በላይ ያለውን ደግሞ ጠለፋ መድን ይሸከም። 88ቱ ብር የሚሄደው ለዚሁ ነው። የጠለፋ ውሉ ሳይፈረም አንድም ውል እንዳይሸጥ አጥብቄ እለምናለሁ።

ስርጭቱን በእቁብ በኩል አድርጉት። ነጋዴው ሰኞ ሰኞ ለእቁቡ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። እቁብ ጸሐፊው በዚያው 10 ብሩን ተቀብሎ በቴሌብር ያስገባል፤ ለአባሉ ወዲያው የአጭር መልእክት ደረሰኝ ይደርሰዋል። ጸሐፊዎቹ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ወኪል መሆን አለባቸው። ሥልጠናውን ቅርንጫፋችን ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው ዙር 12 ሰው ይበቃል። ሁለት ሳምንት ሳይከፍል የቀረ አባል ሽፋኑ እንዳይቋረጥበት፣ በሦስተኛው ግን እንዲቆም ሐሳብ አቀርባለሁ። ገበያ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለና።

ብዙው ደንበኛችን ሙስሊም ነው። «ወለድ አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ይመጣል። ከወለድ ነጻ የሆነው ተካፉል በኋላ ይታሰብበታል ካልን ገበያውን ግማሽ በግማሽ ዘግተን ጀመርን ማለት ነው። መደበኛውና ተካፉሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ ይቅረቡ። በተካፉሉ 30 በመቶው የአስተዳደር ክፍያ ይሆናል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከፈንዱ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል።

ካሳ እስከ 10,000 ብር በ7 ቀን፣ ከዚያ በላይ በ15 ቀን ይከፈል። ማስረጃው ሦስት ነገር ይሁን፦ በየወሩ በስልክ የሚነሳ የመደቡ ፎቶ፣ የእቁብ ዳኛው ምስክርነት፣ የቀበሌ ደብዳቤ። ነጋዴ የዕቃ ደረሰኝ የለውም፤ ያንን ከጠየቅን ማንንም አንክስም።

ሙከራው ከመስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ለ12 ወር በ1,000 አባላት፣ በደሴ ብቻ ይሁን። ኮምቦልቻ በእነዚህ 12 ወራት የካሳ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይወሰን። አሁን ከማኔጅመንቱ የምንጠብቀው ሦስት ፈቃድ ነው፦ አክቹዋሪው ለሁለት ሳምንት እንዲመደብልን፣ የጠለፋ መድን ድርድሩ በግንቦት እንዲጀመር፣ ለወኪሎች ሥልጠናና ለውል ኅትመት 85,000 ብር እንዲለቀቅ።