የኮሌስትሮል ውጤታችሁን ስትቀበሉ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከምሳ ዕረፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በመጪው ማክሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችን ክሊኒክ የደም ቅባት ምርመራ ስለሚደረግ፣ የውጤቱ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ምን እንደምታነቡ አስቀድሜ ላስረዳችሁ እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው «ደህና ነኝ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋልና።

ኮሌስትሮል በራሱ ጎጂ ነገር አይደለም። ሴሎቻችን ግድግዳቸውን የሚያጠናክሩበት፣ አንዳንድ ሆርሞኖችም የሚሠሩበት ሰም መሰል ቅባት ሲሆን፣ አብዛኛውን የሚያመርተው የራሳችን ጉበት ነው። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ግን ለዓመታት በደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ያጠባቸዋል፤ የተጠራቀመው አንድ ቀን ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማ ሕመም ስለሌለው ከምርመራ ሌላ ማወቂያ መንገድ የለም። ቀጭን መሆንም ዋስትና አይሆንም።

በወረቀቱ ላይ አራት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ መለኪያቸው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 240 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። በቧንቧ ግድግዳ የሚጠራቀመው ኤልዲኤል ለጤነኛ ሰው ከ100 በታች ቢሆን መልካም ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ከ70 በታች እንዲያወርደው ይመከራል። ትርፉን ወደ ጉበት የሚመልሰው ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ትራይግሊሰራይድ የተባለው ሌላው የደም ቅባት ደግሞ ከ150 በታች ሊሆን ይገባዋል።

እኔ በጠቅላላው ቁጥር ብቻ እንዳትፈርዱ አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለት ሰዎች እኩል 210 አላቸው እንበል። የአንደኛው ኤችዲኤል 65፣ የሁለተኛው 35 ቢሆን፣ ኤችዲኤሉን ከጠቅላላው ስንቀንስ ለአንደኛው 145፣ ለሁለተኛው 175 ይቀራል። ይህ ቀሪ ቧንቧን የሚጎዱትን ቅባቶች በአንድነት የሚያሳይ ስለሆነ፣ ጠቅላላቸው እኩል ቢሆንም ሁለተኛው ሰው የበለጠ ሊያሳስበው ይገባል። አብዛኛው ሰው ከ130 በታች እንዲሆንለት ይመከራል፤ ስሌቱ መቀነስ ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ባይጻፍም ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ለማሻሻል ከምግብ ብንጀምር፣ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የቅባቱን ዓይነት መቀየር ነው። እንደ ቅቤ፣ የሥጋ ጮማ እና የፓልም ዘይት ያለው በቀዝቃዛ ስፍራ የሚረጋ ቅባት፣ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የመሰብሰብ አቅሙን ይቀንሳል፤ በእርሱ ምትክ እንደ ሱፍ፣ አኩሪ አተር ወይም ወይራ ያለ ፈሳሽ ዘይት ሲገባ ኤልዲኤል ይወርዳል። ምትኩ ስኳርና ነጭ ዱቄት ከሆነ ግን እምብዛም ትርፍ የለውም። ብዙዎች የሚፈሩት እንቁላል ከጮማና ከቅቤ ጋር ሲነጻጸር ለአብዛኛው ሰው ተጽዕኖው አነስተኛ ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ አጃ እና ፍራፍሬ ደግሞ በአንጀት ውስጥ እንደ ዝልግልግ የሚሆን አሰር ስላላቸው ኮሌስትሮል ከሰገራ ጋር እንዲወጣ ይረዳሉ።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማድረግ፣ የተረፈ ክብደትን መቀነስ፣ ስኳርና አልኮል ማሳነስ በተለይ ትራይግሊሰራይድን ያወርዳሉ። ማጨስ ደግሞ ኤችዲኤልን ስለሚቀንስና ቧንቧውንም በቀጥታ ስለሚጎዳ ለማቆም የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

ይህን ሁሉ አድርጎ ቁጥሩ የማይወርድለት ሰው ራሱን አይውቀስ። ከ250 ሰዎች በግምት አንዱ ከወላጆቹ የሚወርሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለው፤ ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ ገና በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ሰው ያለ፣ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች በዚህ ረገድ ውጤታማ ናቸው፤ ሆኖም ቁጥሩ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ስለሆነ «ዳንኩ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ማክሰኞ ለምርመራው መጾም አያስፈልጋችሁም፤ ትራይግሊሰራይዱ በጣም ከፍ ያለበት ሰው ብቻ በሌላ ቀን ሳይበላ እንዲመጣ እንነግረዋለን። የምትወስዱትን መድኃኒት እንደወትሮው ውሰዱ፣ ስሙንም ጽፋችሁ አምጡ፤ የቀድሞ ውጤት ያላችሁ ደግሞ እናነጻጽረው ዘንድ ይዛችሁት ኑ።